በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ

እኔ ሸዋርጋ ብዙ እናገራለሁ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ ራሴ ልናገረውና ይለይልን። ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከፍተን በኖርንባቸው ዓመታት ደንበኞቻችን ባሌን ወልደዮሐንስን በዝምታው፣ እኔን በምላሴ ነበር የሚያውቁን። እሱ ጨው ሲመዝን፣ ክር ሲለካ፣ ላምባ ሲቀዳ ድምፁ አይሰማም። እኔ ጓዳ ተቀምጬ ሱቁን፣ ሱቅ ተቀምጬ ጓዳውን አዝዛለሁ። ለፍላፊ የሚሉኝ አሉ፣ ይበሉኝ። ያልተናገርኩት ነገር የሚረሳ ይመስለኛል። የተረሳ ነገር ደግሞ ሰው እንደሚገድል በዓይኔ አይቻለሁ።

ያየሁት በወንድሜ በሽብሩ ነው። ሳንባውን ታሞ መድኃኒት ጀመረ፤ ሦስት ወር እንደወሰደ ሳሉ ጠፋለት፣ ፊቱ መለስ አለ፣ ድኛለሁ ብሎ ተወው። እኔ እህቱ ክኒኑ ሳይነካ መስኮት ላይ ተቀምጦ አይቼ ነበር። የወንድ ልጅ ነገር ነው፣ ያውቅበታል ብዬ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። በዓመቱ ቀበርነው። በሕይወቴ ዝም ያልኩት ያኔ ብቻ ነው፣ እሱም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት ጥቅምት ላይ ወልደዮሐንስም አክታው ተመርምሮ ቲቢ ነው ሲባል፣ በልቤ የማልኩትን መገመት አያቅትም። ይህ ሰው በእኔ ዝምታ አይሞትም አልኩ።

ሕክምናው በዚያን ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ ነበር። የመጀመሪያውን ሁለት ወር በየቀኑ ክሊኒክ እየሄደ መርፌ ተወጋ፣ ክኒኑንም እዚያው በጤና ረዳቷ ፊት ይውጣል። ያን ጊዜ ችግር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ወር ግን በቤት ነው፤ በወር በወር ሠላሳ ክኒን በጣሳ ይዞ ይመጣል፣ በቀን አንድ ይውጣል፣ አንድ ቀን አያጓድልም። ቢያጓድል በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ ከዚያ ወዲያ እኛም የምንሰጠው የለንም ብላ ጤና ረዳቷ አስጠነቀቀችን። ድርቤ ትባላለች። ከነቀምቴ ወጣ ብላ ያለችው የጉቴ ከተማ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ከሃያ አምስት አይበልጥም፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ገበያው እንደሆነ ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው፣ እሷ ግን ዶክተር ስትባል ታፍራለች።

እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። ጠዋት ዓይኑን ሳይገልጥ ክኒንህን እለዋለሁ። ሻይ ሲጠጣ ክኒንህን። ሱቅ ሲከፍት ክኒንህን ዋጥክ ወይ። ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ሹራብህን ልበስ፣ ወተቱን ጠጣ፣ ስትስል አፍህን ሸፍን፣ አረቄ ቤት እንዳትደርስ፣ ቀበሌ ስብሰባ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ላምባው ሊያልቅ ነው፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ምስማር ይፈልጋል፣ እንቁላሉ ቀዘቀዘ፣ ክኒንህን። ወልደዮሐንስ ለሁሉም መልስ አለው። ከኦሮሞ ደንበኞቻችን ጋር ሲኖር ምላሱ የለመዳት አንዲት ቃል አለችው፤ "ቶሌ" ይላል። እሺ ማለት ነው። ሹራብ ሲባል ቶሌ፣ ወተት ሲባል ቶሌ። ዋጥክ ወይ ስለው ደግሞ ከሚዛኑ ላይ ቀና ሳይል ዋጥኩ ይላል። እኔም ነገርኩት፣ ሰማኝ፣ መለሰልኝ ብዬ ልቤን አሳርፋለሁ።

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። የካቲት ላይ የሦስተኛውን ወር ለመውሰድ ስንሄድ ድርቤ የቀረውን ከነጣሳው ይዛችሁ ኑ ብላን ነበርና ይዘን ሄድን። ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው። ሁለት ክኒን ብቻ መቅረት ነበረበት። ድርቤ በማንኪያ ጫፍ ሁለት ሁለት እያደረገች ወደ ጎን ገፋቻቸው። አሥራ ሰባት ነበሩ።

ወልደዮሐንስ በሚካኤል ስም ማለ፤ በየቀኑ እውጣለሁ አለ። እኔ ደግሞ በየቀኑ ሦስትና አራት ጊዜ እነግረዋለሁ፣ ዋጥኩ ይለኛል ብዬ ማልኩ። እርስ በርስ ተያየን። ከሃያ ሁለት ዓመት ትዳር በኋላ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ ባሌን ውሸታም ብዬ ሰው ፊት ሰደብኩት። ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት አልነበረም፣ ግራ መጋባት ነበር። ራሱም አልገባውም። ያ ነው ያስፈራኝ።

ድርቤ አልተቆጣችም። አክታውን እንደገና አስመረመረችው፤ ንጹሕ ነው ተባለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያጓደላቸው ቀኖች ከመጨረሻው ላይ ይጨመራሉ፣ እንዲህ ከቀጠለ ግን ከመጀመሪያው መጀመር ሊመጣ ይችላል አለችን። ከዚያ ነገ እረፍት ስለሆንኩ ሱቃችሁ መጥቼ ልቀመጥ፣ ደስ ይላችኋል ወይ ብላ ጠየቀች። ምን እንደምትፈልግ አልገባኝም፣ ግን እንቢ አይባልም።

በማግሥቱ ማለዳ መጣች። "አካም ቡልታን፣ አዴ ሸዋርጋ" ብላ፣ እንዴት አደሩ እትዬ ማለቷ ነው፣ ገባችና የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ባዶ የወተት ጣሳ አወጣች፤ ባቄላ አለ ወይ ብላ ጠይቃኝ እፍኝ ሰጠኋት። እንደተለመደው ዋሉ፣ እኔ የለሁም በሉ አለችን። ለሰዓት ያህል እሷን እያየሁ ተሽኮረመምኩ፣ ከዚያ ረሳኋት። አልፎ አልፎ ጣሳው ውስጥ ባቄላ ጠብ ሲል ይሰማኛል። ቀልድ ነው ብዬ ተውኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ ጣሳውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። ሠላሳ አንድ ባቄላ ነበር።

"ይህ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ለኦቦ ወልደዮሐንስ አስታውስ ያሉት ነው፣ አዴ" አለችኝ። "አምስቱ ስለ ክኒኑ ነው። ሁለቱን ያሉት ከዋጡ በኋላ ነው።"

ተቆጣሁ። የሰው ቤት ገብተሽ ቃሌን ትቆጥሪያለሽ ወይ አልኳት። እሷ ግን ወደ ወልደዮሐንስ ዞራ ጥቂት ቀደም ሲል ሚስትዎ ምን አሉ ብላ ጠየቀችው። አሰበ። ሹራብ አለ። ሹራቡን ጠዋት ነበር ያልኩት። ጥቂት ቀደም ሲል ያልኩት ዝናብ ሊመጣ ነው፣ የሳሙናውን ካርቶን አስገባ ነበር። ቶሌም ብሎኝ ነበር። ካርቶኑ ደጅ ነው።

በዚያ ሰዓት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከመንገዱ ማዶ ይለፈልፍ ነበር። ስብሰባ፣ የጽዳት ዘመቻ፣ መዋጮ፣ የማኅበር ምዝገባ፣ በየቀኑ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ቃል። ድርቤ ምን እያለ ነው ብላ ሁለታችንንም ጠየቀችን። አንዳችንም አላወቅንም። ደጃችን ላይ እየጮኸ አልሰማነውም።

ያኔ ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እኔም በመጀመሪያ እንደ እርስዎ ነበርኩ አለችኝ። ክሊኒክ ለሚመጣው በሽተኛ ሁሉ በየወሩ አንድ ዓይነት ቃል ነበር የምናገረው፤ እንዳታቋርጡ፣ እንዳታቋርጡ። ሰዎቹ ገና አፌን ስከፍት ራሳቸውን መነቅነቅ ይጀምሩ ነበር። አንድ ቀን ቃሉን ትቼ ትናንት ክኒንዎን ሲውጡ የት ተቀምጠው ነበር ብዬ አንዱን ሽማግሌ ጠየቅኳቸው፤ ደነገጡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ፣ ከዚያ ሦስት ቀን እንዳልዋጡ ነገሩኝ። ጆሮ የለመደውን አይሰማም፣ አፍ ብቻ ይመልሳል። ኦቦ ወልደዮሐንስ አልዋሹም። ዋጥኩ ያሉት አፋቸው ነው።

ከዚያ ሕጉን አወጣችልኝ። በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ። የመጀመሪያው የክኒኑ ነው፣ ከጠዋት ሻይ ጋር፤ ሻይ ለመጠጣት ማንም አይረሳም፣ ክኒኑም ከሻዩ ጋር ይታሰር። እሱም በየቀኑ በአንድ ዓይነት ቃል እንዳይሆን። ሁለተኛው ማታ ከእራት በኋላ ነው፤ ሹራቡ፣ ምስማሩ፣ ላምባው፣ ቀበሌው፣ ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመው ሁሉ አንድ ላይ ይነገር፣ ከዚያ ይዘጋ። ሦስተኛው ለማይቆይ ነገር ይቀመጥ። ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየችና ወልደዮሐንስን ክኒኑን ሲውጡ የቀኑን ቁጥር በእርሳስ ይሰርዙ አለችው። የተሰረዘ ካዩ፣ አዴ፣ አይናገሩ። የተሠራ ነገር አስታውስ ሲባል ነው ጆሮ መዝጋት የሚጀምረው።

"ዝም ብዬ ቢሞትብኝስ?" አልኳት።

ሽብሩን ያኔ ነው የነገርኳት። አለቀስኩም። ድርቤ እጄን ያዘች። ከዚያ፣ "ዝም ይበሉ አላልኩም፣ አዴ። እንዲሰሙዎት ነው የምፈልገው" አለችኝ።

ሕጉን ተቀበልኩ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከተቀበልኩ ድርቅ ነኝ። መሠረተ ትምህርት ተምሬ የምስክር ወረቀቴን ከወሰድኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ ፊደሉ ገና ይጣፍጠኛል። የሲጋራ ካርቶን ቀድጄ ቀኑን ሙሉ አፌ ላይ የሚመጣውን እየጻፍኩ በመሃረብ አሥራለሁ። ሹራብ። ምስማር። የበር ቅባት። ጥርሴን ነክሼ እጽፋለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ራሴን አሞኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ማታ እራት በልተን ስንጨርስ መሃረቡን ፈትቼ ሳነብለት ይገርማችኋል፣ ሰውዬው ያዳምጣል። ሰምቶም ይጠይቃል፤ የቱ ቆርቆሮ ይላል። ጽፌ ማታ ሳየው ከንቱ የሆነብኝም ብዙ ነበር፤ ለምን ልለው እንደፈለግሁ ራሴም የማላውቀው። እሱን ሳላነብ ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ። በቀን ሃያ ስምንት ብጽፍ አሥር ያህል ነው የሚቀረው።

የጠዋቱ ቃል ነበር ከባዱ። በየቀኑ አዲስ ማምጣት አለብኝ። መጀመሪያ ላይ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ጠዋት፣ ነጩ እንግዳ ቁርስ ሳይበላ ሊሄድ ነው አልኩት። ወልደዮሐንስ ዘሎ ተነሳ፣ ኮቱን ለበሰ፣ በሩን ከፍቶ ደጅ ሊቀበል ወጣ። ለድርቤ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቃሉ ይለወጥ፣ ነገሩ ግን ይታወቅ፤ ምን እንደሚያደርጉ ለማወቅ መጨነቅ የለባቸውም፣ ክኒን የሚለው ይግባበት አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ተማርኩ። አንዳንዱን ቀን ጥያቄ አደርገዋለሁ፤ የዛሬውን ክኒን በውኃ ነው በሻይ፣ እለዋለሁ፤ ቶሌ ብሎ ሊያልፈው አይችልም፣ ወይ ይሄ ወይ ያ ማለት አለበት። አንዳንዱን ቀን በኦሮምኛ፤ ቆሪቻ ኬ፣ መድኃኒትህን። አንዳንዱን ቀን በጉራጊኛ፣ እናቱ እንደሚጠሩት ጠርቼው። አንዳንዱን ቀን ሳልናገር ክኒኑን ከስኒው ማስቀመጫ ላይ አኖረዋለሁና ፊቱን አያለሁ። አንዳንዱን ቀን እሰድበዋለሁ፣ በፍቅር። ካላንደሩ ላይ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ተሰረዙ። የመጋቢት ጣሳ ሲገለበጥ ሁለት ክኒን ብቻ ወጣ። የሚያዝያውም ሁለት።

ልቤ ትንሽ ወፈረ። እንዲህ ከሆነ በኋላ ነው ያጠፋሁት።

ግንቦት ላይ ነው፣ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን። ጠዋት የክኒኑን ተናግሬያለሁ፣ ውጧል፣ ተሰርዟል። ከዚያ ወልደዮሐንስ በቀጭን ሸሚዝ ሊወጣ ሲል፣ ሰማዩ ጠቁሯልና አልቻልኩም፤ ሹራብህን አልኩት። ሦስተኛው፣ ለማይቆይ ነገር የተቀመጠው፣ በሹራብ አለቀ። አራት ሰዓት ላይ ድርቤ የላከችው ሰው መጣ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ እዚህ ያለው ክኒን አልቋል፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሁለት ሳምንት ይዘገያል፣ ጉቴ ክሊኒክ ትርፍ አለና ኦቦ ወልደዮሐንስ ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ደርሰው ይውሰዱ። ጣሳችን ውስጥ ሦስት ክኒን ነበር የቀረው።

ወልደዮሐንስ ከፊቴ ሦስት እርምጃ ላይ ቆሞ ጨው ይመዝን ነበር። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ሦስተኛው አልቋል፣ ሕግ ሕግ ነው አልኩ። ይህ ሕግ ነው ይህን ያህል ወር ጥርስ ያስነከሰኝ፣ አንድ ቀን ብጥስ ወደ ድሮው እመለሳለሁ ብዬ ፈራሁ። በካርቶኑ ላይ ጉቴ ክኒን ብዬ ጻፍኩና መሃረቤ ውስጥ ከምስማሩና ከላምባው ጋር አሠርኩት። እንዲህ ያለ ሞኝነት ሌላ ሰው ያደርግ እንደሆነ አላውቅም። ለፍላፊ ሴት ዝም ማለት ስትማር ልክ የላትም።

ማታ እራት በልተን መሃረቡን ፈታሁ። ላምባ አልኩ። ምስማር አልኩ። ጉቴ ስል ወልደዮሐንስ ውኃ ሊጠጣ ያነሳውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

"መቼ ነው የተላከው?" አለኝ።

"ጠዋት" አልኩት።

አልጮኸብኝም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ከማክሰኞ ጠዋት በኋላ ጣሳው ባዶ ነው ብቻ አለ። ተቀምጬ ስቆጥረው እውነቱን ነው፤ እሑድ አንድ፣ ሰኞ አንድ፣ አንዱ የመጨረሻው ማክሰኞ፣ ከዚያ ምንም። አሥር ቀን ቢጓደል ድርቤ ያለችው በሽታው መድኃኒቱን የሚለምደው ያኔ ነው። ሽብሩን በዝምታ ገድዬ አሁን ደግሞ ባሌን በዝምታ ልገድል ነው አልኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሑድ ማለዳ ነጠላዬን አጥፌ ወገቤ ላይ አሠርኩና በእግሬ ወደ ጉቴ ተነሳሁ። ወልደዮሐንስ ልሂድ አለ፣ እንቢ አልኩት፤ ሳንባው ገና ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝ። ጉቴ ስደርስ ክሊኒኩ ዝግ ነው። የጤና ረዳቱ ቤት የት ነው እያልኩ ጠይቄ ደረስኩ። ጨመዳ ይባላል፤ ደጁ ላይ ጫማውን ይጠርግ ነበር። በኦሮምኛ ሰላም አልኩት፣ የቀረውን በአማርኛም በኦሮምኛም ቀላቅዬ ነገርኩት። ትናንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቄ ነበር አለ፤ የቀረውን ለዚህ አካባቢ ሰዎች አከፋፈልኩት። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ምን ያህል ነው የቀራችሁ ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ለምን ትናንት አልመጣችሁም አለኝ። ይህንንም ነገርኩት፤ ሦስቱን ሕግ፣ ሹራቡን፣ መሃረቡን፣ ሁሉን። በመጀመሪያ ፈገግ አለ፣ በኋላ ግን ከልቡ አዳመጠኝ። ተነስቶ ቁልፉን አነሳና ክሊኒኩን ከፈተ። ወደ ጊምቢ ለተዛወረ ሰው የተቀመጠ አሥራ አራት ክኒን ነበር፤ ሰውዬው እዚያ መቀበል ጀምሯል አለ፣ በመዝገብ ጽፎ አስፈረመኝና በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

አንድ ቀን ሳይጓደል ተረፍን። ሰኞ ለድርቤ ሄጄ ተናዘዝኩ። ትወቅሰኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ቀላ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አዴ" አለችኝ። "ሲቆጥቡ ምን እንደማይቆጠብ አልነገርኩዎትም። እስከ ነገ የማይቆይ ነገር ቁጥር የለውም፣ ማታም አይጠብቅም። እሱ ሲሆን ሦስትም ሆነ ሠላሳ፣ ይናገሩ።"

ሹራብ ግን ወደ መሃረብ ይገባል አለችኝ፣ ጨምራ። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ስትሸኘኝ መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችንን ካሸገ ወዲህ ቤት ለቤት ነው የምንጸልየው፣ ለኦቦም ስማቸውን ጠርቼ እጸልያለሁ አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ምን ልበላት። ግንባሯን ሳምኳት።

ክረምቱ ገባ። እንጉዳይ የበቀለበት፣ ደጃችን ጭቃ የሆነበት ክረምት ነበር። ጣሪያው ተመታ፣ በሩ ተቀባ፤ ማታ ያነበብኩለትን ይሠራዋል። የጠዋቱን ቃል ማምጣት ግን እየከበደኝ ሄደ። ከሁለት መቶ ቀን በላይ አዲስ ቃል ከየት ይመጣል። ማታ ተኝቼ የነገውን አስባለሁ። ከመጀመሪያ የተገናኘንበትን የሆሳዕና ገበያ አስታውሼ፣ ያን ቀን ክኒን ብትሰጠኝ እንኳ ውጬልህ ነበር አልኩት። አንዴ ደግሞ ለእናትህ ብለህ ክኒንህን፣ አንዴ ለእኔ ብለህ፣ አንዴ ለማንም ሳትል። አንዳንድ ቀን ራሴ የተናገርኩት ራሴን ያስደነግጠኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ክኒንህን፣ ሹራብህን፣ ወተትህን ስል የኖርኩት ሴት ለባሌ የምለው ሌላ ነገር እንዳለኝ አላውቅም ነበር። እሱም ይሰማኛል፣ ሻዩን ይዞ ዓይን ዓይኔን እያየ፤ ከዚያ እጁን ወደ አፉ ያደርሳል፣ ሻዩን ይጎነጫል፣ ተነስቶ ቁጥሩን ይሰርዛል። አንድም ጠዋት ቀድሞ ሰርዞ አላገኘሁትም። ሳልነግረው አይሆንለትም፣ እንደው ሕፃን ነው እያልኩ በልቤ እማረራለሁ፣ ደግሞም ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው ክኒን፣ የተጨመሩትን ቀኖች አካቶ፣ ኅዳር ሰባ ስድስት ላይ ተዋጠ። አክታው ሦስት ጊዜ ተመረመረ፣ ንጹሕ ነው። ድርቤ ካርዱ ላይ ፈውስ አገኘ ብላ ጻፈችና እንዲያነቡት ነው ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ፊደል ፊደሉን ቆጥሬ አነበብኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ሻይ አቀረብኩለት። ካላንደሩ ላይ የሚሰረዝ የለም፣ ጣሳው ታጥቦ ተደፍቷል። እኔም ዝም አልኩ፤ የምለው የለማ። ወልደዮሐንስ ሻዩን አልነካም። ስኒውን ይዞ ተቀምጧል። ሱቅ የሚከፈትበት ሰዓት አለፈ። ታመምክ ወይ አልኩት፣ ደንግጬ።

"የዛሬውን አላልሽኝም" አለኝ።

ክኒኑ አልቋል፣ ረሳህ ወይ አልኩት።

"ክኒኑን እማ ከሐምሌ ጀምሮ አንቺ ወጥ ቤት ሳለሽ ነው የምውጠው" አለኝ። "መሰረዙን ነው የማቆየው። ከሰረዝኩት አትናገሪማ።"

ከሐምሌ እስከ ኅዳር። ይህ ዝምተኛ ሰው። ሌሊት ሌሊት ቃል ስፈልግ ያደርኩትን አሰብኩ፣ ልቆጣው ፈልጌ ነበር፣ እንባዬ ቀደመኝ። ማስታወስ የማያስፈልገውን ሰው ነበር ለካ አምስት ወር የማናግረው። ደንበኛ በሩን መታ፣ ሁለታችንም አልተነሳንም። አጠገቡ ተቀምጬ ለዚያ ጠዋት አስቤው የነበረውን፣ ክኒኑ አልቋል ብዬ ልተወው የነበረውን ነገርኩት። ምን እንዳልኩት ለናንተ አልነግርም። ሰምቶ ሲጨርስ ሻዩን ጠጣ፣ ሱቁንም ከፈተ።